የልጅ ክንድ ላይ የወጣ ክብ፦ ጭርት ነው ወይስ ችፌ?

ባለፈው ክረምት አንዲት እናት የስድስት ዓመት ልጇን ይዛ ጤና ጣቢያ መጣች። እኔ ጤና መኮንን ነኝ፤ ጅማ ውስጥ ግን ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ «ዶክተር» ነው።

«ዶክተር፣ ይቺ ነገር አልለቅ አለች» ብላ የልጅቷን እጅጌ ሰበሰበችው። ግራ ክንዷ ላይ፣ ከክርኗ ዝቅ ብሎ፣ ሦስት ክቦች ተያይዘው ወጥተዋል። ጠርዛቸው ደብዘዝ ያለ ነው። መሃላቸው ጠቆር ብሏል።

የጀመረው ከአምስት ሳምንት በፊት ነው፤ ያኔ የአንድ ብር ሳንቲም የምታህል አንዲት ክብ ብቻ ነበረች። እናትየዋ ሰፈሯ ካለ መድኃኒት ቤት የሚቀባ ቱቦ ገዛች። በሦስተኛው ቀን ማሳከኩ ተወ። በሳምንቱ ክቡም የጠፋ መሰለ። መቀባቱን ስታቆም ግን ሰፍቶ ተመለሰ። ደግማ ቀባች፣ ጠፋ። አቆመች፣ መጣ።

«መድኃኒቱ እኮ ይሠራል» አለችኝ። «ሲያልቅ ነው የሚመለሰው።»

ቱቦውን ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠችኝ። ገና ሳላነበው ምን እንዳለበት ገምቼ ነበር። ሲቀባ የሚጠፋ፣ ሲቆም ደግሞ ከበፊቱ ሰፍቶ የሚመለስ ክብ ራሱን የሚያጋልጥ በሽታ ነው። ወደ እሱ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ግን እቤት ሆናችሁ፣ ምንም ከመግዛታችሁ በፊት፣ ጭርትን ከችፌ እንዴት እንደምትለዩ ላሳያችሁ።

ክቡ ለምን ክብ ሆነ?

ይህን የተረዳ ሰው የቀረውን ሁሉ ሳይሸመድድ ያስታውሰዋል።

ጭርት ፈንገስ ነው። ፈንገሱ የሚመገበው የቆዳችንን የላይኛውን፣ የሞተውን ሽፋን ነው። አንድ ነጥብ ላይ ያርፍና ምግብ ፍለጋ ወደ ዙሪያው ሁሉ ይዘልቃል። ሰውነት ደግሞ ከኋላ እየተከተለ ያጸዳዋል። ስለዚህ ውጊያው ያለው ጠርዙ ላይ ነው። መሃሉ ጦርነቱ ያለፈበት ሜዳ ነው፤ እየዳነ ነው።

ችፌ ግን ከውጭ የመጣ ተባይ የለውም። ቆዳው ራሱ እርጥበቱን መያዝ አቅቶት ይደርቃል፣ ይቆጣል። የተቆጣው ቦታ ሁሉም በአንድ ጊዜ ነው የሚታመመው። አንዳንዱ ችፌ ልክ እንደ ሳንቲም ክብ ሆኖ ይወጣል፤ ሰውን የሚያሳስተው ይኼ ዓይነቱ ነው። መሃሉ ግን ከጠርዙ እኩል የታመመ ነው። እንዲያውም ብዙ ጊዜ ከጠርዙ የባሰ ነው።

ስለዚህ «ክብ ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ አያዋጣም። ሁለቱም ክብ ይሆናሉ። «ያሳክካል ወይ?» ማለትም አይጠቅምም፤ ሁለቱም ያሳክካሉ። የሚጠቅመው ጥያቄ አንድ ነው፦ በሽታው ያለው የት ነው? ጠርዙ ላይ ነው ወይስ መሃሉም ላይ?

1. ሁሉንም አቁሙና ፎቶ አንሱ

ቫዝሊን፣ ቅቤ፣ የፋርማሲ ቅባት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ምንም ይሁን ምን አቁሙ። ቅባት ያረፈበት ቆዳ ቅርፊቱን ይደብቃል። ቦታውን ለብ ባለ ውኃ አጥባችሁ ጥቂት ሰዓት ጠብቁ፤ ሲደርቅ እውነተኛ መልኩ ይወጣል።

ከዚያ በረንዳ ላይ፣ ፀሐይ በቀጥታ ሳይመታው፣ በስልክ ፎቶ አንሱት። አጠገቡ የብር ሳንቲም አስቀምጡ። ስልኩ ቀኑን ይመዘግብላችኋል፣ ሳንቲሙ ደግሞ ስፋቱን። እኔ ጋ ከሚመጡ እናቶች አብዛኞቹ «መጀመሪያ ይህን ያህል ነበር» እያሉ በጣታቸው አየር ላይ ክብ ይሠሩልኛል። ከዚያ አንድ ፎቶ ይበልጣል።

2. ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ዳብሱት

የምሬን ነው። መጽሐፍ ላይ «ቀይ ቀለበት» ተብሎ የተጻፈው ነጭ ቆዳ ታይቶ ነው። በእኛ ልጆች ቆዳ ላይ ያ ቅላት ጠቆር ያለ ቡናማ ይሆናል፣ አለዚያም ግራጫማ ወይም ወደ ሐምራዊ የሚያደላ። ዓይን ይሳሳታል፤ የጣት ጫፍ ግን አይሳሳትም።

ከጤናማው ቆዳ ጀምራችሁ ጣታችሁን ቀስ እያላችሁ ወደ ክቡ ውስጥ አስገቡ። ጭርት ከሆነ ጠርዙ ላይ እንደ ቀጭን ገመድ ከፍ ያለ ነገር ትነካላችሁ። ሻካራ ነው። እንደ ደቃቅ ፍርፋሪ የሚረግፍ ቅርፊት አለው፤ አንዳንዴ ጥቃቅን እብጠቶች ይደረደሩበታል። ጣታችሁ ወደ መሃል ሲያልፍ ይለሰልሳል፣ ጤናማ ወደ መሆን ይጠጋል። ከመሃል ሲወጣ ደግሞ ያንኑ ገመድ ያገኛል።

ችፌ ከሆነ ያ ገመድ የለም። ጣታችሁ ከገባበት እስኪወጣ ድረስ ሻካራነቱ አንድ ዓይነት ነው። ሲብስ መሃሉ ይረጥባል፣ ውኃ ያዣል፣ ይደርቅና ቅርፊት ይሠራል፣ ይሰነጠቃል። ጠርዙ የት ላይ እንዳበቃ ለመናገርም ብዙ ጊዜ ያስቸግራል፤ ቀስ እያለ ጤናማው ቆዳ ውስጥ ይጠፋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ገና በወጣ በጥቂት ቀኑ ጭርትም መሃሉ አልጸዳም። ሙሉ፣ ትንሽ፣ የሚያሳክክ ነጥብ ነው። ያን ጊዜ በመዳሰስ አይለይም። ለእሱ ቀጣዩ ደረጃ አለ።

3. በእስክሪፕቶ ክበቡት

የክቡን ጠርዝ ተከትላችሁ በእስክሪፕቶ መስመር አስምሩ። ገላ ሲታጠብ መጥፋት ከጀመረ በዚያው መስመር ላይ አድምቁት እንጂ አዲሱን ጠርዝ ተከትላችሁ አታስምሩ። ብዙዎች እዚህ ላይ ነው የሚያበላሹት። አንድ ሳምንት ጠብቁ።

ጭርት መስመሩን ይሻገራል። በሁሉም አቅጣጫ ቀስ እያለ ይሰፋል፣ መሃሉም እየጸዳ ይሄዳል። ችፌ ብዙ ጊዜ መስመሩ ውስጥ ይቀራል። አንድ ቀን ይብሳል፣ አንድ ቀን ይሻለዋል፤ እንደ ማከኩ ነው። ቢበዛም እዚያው ከመስፋት ይልቅ ሌላ ቦታ ላይ አዲስ ሳንቲም ያወጣል።

ልጆች ይህን ደረጃ ይወዱታል። አንዷ ክቡን የፀሐይ ጨረር ጨምራበት መጣች፤ ለመለካት ትንሽ ተቸገርኩ።

4. ልብሱን አውልቃችሁ ሌላውን ቆዳ እዩ

አንድ ክብ ብቻውን የሚናገረው ትንሽ ነው። ሌላው ሰውነት ቀሪውን ይነግራችኋል። በክርን መታጠፊያ፣ ከጉልበት ጀርባ፣ በአንገት ላይ ደረቅ፣ የወፈረና የታከከ ቆዳ አለ? በሁለቱም እጆች ላይ ተመሳሳይ ነገር አለ? ልጁ አስም አለበት? እናት ወይም አባት አስም ወይም በአቧራ የሚነሳ ማስነጠስ አለባቸው? እነዚህ ወደ ችፌ ያዘነብላሉ። ጭርት እንዲህ ቀኝና ግራ አመጣጥኖ አይወጣም፤ ያረፈበት ቦታ ነው የሚወጣው።

ከዚያ ጭንቅላቱን እዩ። ፀጉሩን በማበጠሪያ እየከፈላችሁ፣ ከጆሮ ጀርባም ጭምር። ፀጉር የሳሳበት፣ ፎረፎር የሚመስል ነጭ ቅርፊት ያለበት፣ ወይም ፀጉሩ ከሥሩ ተሰብሮ ጥቁር ነጥብ ብቻ የቀረበት ቦታ ካለ ቆረቆር ሊሆን ይችላል። ቆረቆርና ጭርት የአንድ ፈንገስ ሁለት ቤቶች ናቸው። በሀገራችን ልጆች ላይ በብዛት የሚገኘው የቆረቆር ፈንገስ ከሰው ወደ ሰው ነው የሚተላለፈው፤ በማበጠሪያ፣ በኮፍያ፣ በትራስ፣ በፀጉር መላጫ። ስለዚህ የእህትና የወንድሙንም ጭንቅላት እዩ። ቤት ውስጥ ፀጉሯ የሚረግፍ ድመት ካለች፣ ወይም ልጁ ገጠር ሄዶ ዓይኑ ዙሪያ ግራጫ ቅርፊት ካለው ጥጃ ጋር ሲጫወት ከከረመ፣ እሱንም አስታውሱ። ከእነሱም ይያዛል።

እግረ መንገዴን አንድ ሌላ ነገር ልጨምር። ክቡ የማያሳክክ ከሆነ፣ ከሌላው ቆዳ የነጣ ከሆነ፣ በጥጥ ጫፍ ስትነኩትም ልጁ ዓይኑን ጨፍኖ የማይሰማው ከሆነ፣ ይህን መመሪያ እዚህ ተዉትና ጤና ጣቢያ ሂዱ። ሥጋ ደዌ አለመሆኑ መታየት አለበት። መድኃኒቱ በነፃ ነው የሚሰጠው፤ ቶሎ ሲጀመርም ይድናል።

5. ቱቦውን አንብቡት

አሁን ወደዚያች እናት ልመለስ። ቱቦው ላይ ሦስት መድኃኒቶች ተጽፈዋል፦ አንዱ ለፈንገስ፣ አንዱ ለባክቴሪያ፣ አንዱ ደግሞ ኃይለኛ ስቴሮይድ። ሐሳቡ «ከሦስቱ አንዱ ይመታዋል» ነው መሰለኝ። ነገር ግን ስቴሮይዱ የሚያደርገው ሰውነት ፈንገሱን የሚዋጋበትን ቁጣ ማብረድ ነው። ማሳከኩ የሚመጣው ከዚያ ቁጣ ስለሆነ ይጠፋል፤ ክቡም ይደበዝዛል። ፈንገሱ ግን ዘበኛ የሌለው ቤት አገኘ። ተረጋግቶ ይበዛል። ቅባቱ ሲቆም ቁጣው ይመለሳል፣ በሰፋ ሜዳ ላይ። ጠርዙም ያ ገመድ የሚመስል መልኩ ጠፍቶ ችፌ ወደ መምሰል ይሄዳል። ከዚያ ሌላ ሰው ያየውና «ችፌ ነው» ብሎ ከዚህ የባሰ ስቴሮይድ ያዝዛል። እንዲህ እየተባለ ወራት ይሄዳል።

ቱቦ ስታነቡ የምትጠቀሙባት ዘዴ ላቀብላችሁ። ስሙ በ«አዞል» ካለቀ ብዙ ጊዜ የፈንገስ መድኃኒት ነው፦ ክሎትሪማዞል፣ ማይኮናዞል፣ ኬቶኮናዞል። በ«ዞን» ካለቀ ስቴሮይድ ነው፦ ሃይድሮኮርቲዞን፣ ቤታሜታዞን፣ ዴክሳሜታዞን። አታላዩ ክሎቤታሶል ነው። «ሶል» ይላል፣ ግን ስቴሮይድ ነው፤ ያውም ከኃይለኞቹ አንዱ። ናይስታቲን የሚባለው ደግሞ የፈንገስ መድኃኒት ነው፣ ግን ለጭርት ፈንገስ አይሠራም። እሱን ቀብቶ «አልሠራም፣ ስለዚህ ችፌ ነው» ማለት ስሕተት ነው።

6. መቀባት

ጭርት ነው ካላችሁ 1 በመቶ ክሎትሪማዞል ይበቃል፤ ርካሽ ነው፣ በየመድኃኒት ቤቱ አለ። ቦታውን በሳሙና አጥባችሁ በደንብ አድርቁ። ለአንድ ሳንቲም ስፋት የአተር ፍሬ ያህል ይበዛል እንጂ አያንስም። ስስ አድርጋችሁ ጠዋትና ማታ ቀቡ፣ ከጠርዙ ሁለት ጣት ያህል አልፋችሁ ጤናማው ቆዳ ላይ ጭምር። ፈንገሱ ከሚታየው ጠርዝ ቀድሞ ሄዷልና። በሳምንት ውስጥ ማሳከኩ ይቀንሳል፣ በሁለተኛው ሳምንት ገመዱ ይሟሽሻል። ያኔ ነው ሰው የሚያቆመው፤ ያኔ ግን አይቆምም። ጨርሶ ከጠፋ በኋላ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ይቀጥላል፤ በጠቅላላ ወደ አራት ሳምንት ይደርሳል። ፎጣውን ለብቻ አድርጉለት። ጅማ ክረምቱ ረዥም ነው፣ ልብስ ውስጥ ለውስጥ ሲደርቅ ይሰነብታል፤ እርጥበቱ ያልለቀቀ ሹራብ አታልብሱት። ቅባቱ ከተጀመረ ክቡን በልብስ ሸፍኖ ትምህርት ቤት መሄድ ይችላል።

ችፌ ከሆነ ዋናው ሥራ የቫዝሊን ነው፣ ሌላው ረዳት ነው። ገላውን ለብ ባለ ውኃ አጭር ጊዜ እጠቡት፤ የሚፋጅ ውኃ ደስ ይላል፣ ግን ያደርቃል። የልብስ ሳሙና አይንካው። ሳትፈትጉ በፎጣ መታ መታ አድርጋችሁ፣ ቆዳው ገና እርጥብ ሳለ፣ በሦስት ደቂቃ ውስጥ ቫዝሊን ወፈር አድርጋችሁ ቀቡ። በቀን ሁለት ሦስቴ ድገሙት። የሱፍ ሹራብ ከሥሩ የጥጥ ልብስ ይደረግለት። ሲቆጣ 1 በመቶ ሃይድሮኮርቲዞን በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ፣ ቢበዛ እስከ ሰባት ቀን፣ ክንድ ላይ መቀባት ይቻላል። ሳንቲም መሳዩ ችፌ ግን ግትር ነው፤ ብዙ ጊዜ ከዚህ የበረታ ይፈልጋል። እሱን ሐኪም አይቶ ነው የሚያዘው።

መለየት ካልቻላችሁስ? የእኔ ምርጫ የፈንገሱን ቅባት ብቻውን መጀመር ነው፣ ስቴሮይድ ሳይቀላቀል። ችፌ ላይ ክሎትሪማዞል ቢቀባ ብዙ ጊዜ ምንም አይጠቅምም፣ ብዙም አይጎዳም። ጭርት ላይ ስቴሮይድ ሲቀባ ግን ልክ ያቺን ልጅ የገጠማት ነው የሚሆነው። ሁለቱ ስሕተቶች እኩል አይደሉም። በትክክል ተቀብቶ በሁለት ሳምንት ለውጥ ከሌለ መገመት ይብቃና ምርመራ ይደረግ።

ነጭ ሽንኩርት ቀጥቅጦ ማሰር ግን ይቅር። አንድ የአራት ዓመት ልጅ ሁለቱም ክንዶቹ ላይ ክብ ወጥቶበት «ጭርት ነው» ተብሎ ሌሊቱን በነጭ ሽንኩርት ታስሮ አደረ። ጠዋት ቆዳው በእሳት የተቃጠለ ይመስል ውኃ ቋጥሯል። ችፌ ነበረ፤ ከክርኑ መታጠፊያ ያስታውቅ ነበር። ከቃጠሎው ለመዳን የወሰደበት ጊዜ ከችፌው ይበልጣል።

7. ምርመራው ምን ያደርጋል?

ቀላል ነው፣ ልጅ አያስለቅስም። ከክቡ ጠርዝ ላይ ቅርፊት በምላጭ ጀርባ ተፍቆ መስታወት ላይ ይደረጋል። ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ጠብ ይደረግበታል፤ ባለሙያዎቹ «ኬኦኤች» ይሉታል። ፈሳሹ የቆዳውን ሴሎች ያሟሟና የፈንገሱን ክሮች ይተዋል። ጭርት ከሆነ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ በማይክሮስኮፕ ቅርንጫፍ ያላቸው ክሮች ይታያሉ። የፈንገስ ቅባት ሲቀባ የከረመ ልጅ ግን ክሮቹ ሳይታዩ ሊቀሩ ይችላሉ። ስለዚህ የቀባችሁትን ሁሉ ተናገሩ፣ ቱቦውንም ይዛችሁ ሂዱ።

የልጅቷን እዚያው አስፋቅን። ስቴሮይድ ሲቀባው የከረመ ፈንገስ በዝቶ ስለሚገኝ፣ ላቦራቶሪው ያለው ባልደረባዬ ፈልጎ አልደከመም። «ሞልቷል» ብሎ ጠራኝ። ጭርት ነበረ፣ ከመጀመሪያውም።

ከዚያ «ሌላ ልጅ አለሽ ወይ?» አልኳት። አለ፤ የስምንት ዓመት ወንድሟ፣ ከእሷ ጋር በአንድ ትራስ የሚተኛ። በማግሥቱ ይዛው መጣች። ኮፍያውን ሲያወልቅ ከጆሮው በላይ የሳሳ፣ ነጭ ቅርፊት ያለበት፣ ጥቁር ነጠብጣብ የሞላበት ቦታ አየን። «እኔ ፎረፎር መስሎኝ» አለች እናትየዋ፣ እጇን አፏ ላይ አድርጋ።

ቆረቆር በቅባት አይድንም፤ ፈንገሱ ፀጉሩ ውስጥ ስለገባ ቅባቱ አይደርስበትም። ወንድምየው ግሪሲዮፉልቪን የሚባል የሚዋጥ መድኃኒት በክብደቱ ልክ ታዘዘለት፣ ለስምንት ሳምንት። መድኃኒቱ ወደ ሰውነት በደንብ የሚገባው ስብ ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ ነው፤ እናትየዋ በወተት ወይም ቅቤ ካለው ምግብ ጋር ትሰጠው ነበር። የልጅቷ ያ ቱቦ ቆመ፤ ክሎትሪማዞል ብቻ፣ ጠዋትና ማታ። በመጀመሪያው ሳምንት ማሳከኩ ባሰባት። ይህን አስቀድሜ ነግሬያቸው ነበር፤ ታፍኖ የነበረው ቁጣ ሲመለስ እንዲያ ነው። በሁለተኛው ሳምንት መጉደል ጀመረ፤ በአምስተኛው ቆዳው ለስልሶ መጣ።

ጤና ጣቢያ ሳትዘገዩ መሄድ ያለባችሁ ክቡ ፊት ላይ ዓይን አጠገብ ሲሆን፣ ጭንቅላት ላይ ሲሆን፣ ማር የመሰለ ቢጫ ቅርፊት ሲሠራ ወይም ልጁ ትኩሳት ሲኖረው ነው። ከአንድ ዓመት በታች ያለ ሕፃን ከሆነም እንዲሁ። ጤና ጣቢያው ካልቻለ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ይልካችኋል።

እናትየዋ የመጨረሻ ቀን ስትመጣ የልጅቷን ክንድ እያገላበጠች «ጥቁሩስ?» አለችኝ። ክቦቹ የነበሩበት ቦታ ጠቆር ብሎ ቀርቷል። ዳሰስኩት፤ ልስልስ ነው፣ ቅርፊት የለውም፣ አያሳክክም። ያ የቁስሉ ጥላ እንጂ በሽታው አይደለም። ለመልቀቅ ወራት ይወስዳል። ለእሱ ማጥፊያ ቅባት አትግዢ አልኳት፤ ፊት የሚያነጡ ብዙ ቅባቶች ውስጥ ያው ክሎቤታሶል አለ። ኅዳር ላይ ገበያ መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ልጅቷ ሳልጠይቃት እጅጌዋን ሰበሰበችልኝ። ፈልጌ ነው ያገኘሁት።